ቋሚ ወጪ መቀነስ ወይስ ገቢ መጨመር? ለአዲስ አበባ ደመወዝተኛ ቤተሰብ ዝርዝር መመሪያ

ደመወዝ ተጨምሮ ቁጠባ ንቅንቅ ያላለበት ቤት ብዙ ነው። ማኪያቶና ታክሲ እየቆጠረ ዓመት ታግሎ ምንም ያልተጠራቀመለትም እንዲሁ። የመጀመሪያው ገቢ ላይ ሲሮጥ ወጪው ከኋላው ተከትሎ ያድጋል። ሁለተኛው ትንንሹን ወጪ ሲያሳድድ ትልልቁን፣ በየወሩ ሳይጠይቅ የሚሄደውን፣ አልነካም።

እዚህ የገንዘብ ነፃነት የምንለው አንድ ነገር ነው፤ ደመወዝ ቢቆም ያከማቻችሁት ሀብት የሚያስገባው ገንዘብ የወር ወጪያችሁን መሸፈን ሲችል። እዚያ ለመድረስ ሁለቱም መንገዶች ያስፈልጋሉ፤ ልዩነቱ በቅደም ተከተሉ ነው። ለደመወዝተኛ መጀመሪያ ቋሚ ወጪ ይቆረጣል፣ ቀጥሎ ወደ ገቢ ይዞራል። ለምን እንደሆነና የመዞሪያው ነጥብ የት እንደሆነ በአንድ ቤተሰብ ቁጥር እናሳያለን። የወጪዎቹን ቁጥሮች ለምሳሌ ያህል የወሰድናቸው ስለሆነ በራሳችሁ ቁጥር ተኩ።

## ከመጀመራችሁ በፊት የሚዘጋጅ

እነዚህን በአንድ ማህደር አስቀምጡ፦

- የ3 ወር የባንክ ስቴትመንትና የሞባይል ገንዘብ ዝውውር ታሪክ
- የሁለታችሁም የደመወዝ ስሊፕ
- የቤት ኪራይ ውል
- የትምህርት ቤት ክፍያ ደረሰኝ፣ የመመዝገቢያውን ጨምሮ
- የብድር ስምምነት፣ ስንት ወር እንደቀረው የሚያሳይ

ባልና ሚስት አብራችሁ ተቀመጡ። አንዱ ለብቻው የሠራው ዕቅድ በሁለተኛው ወር ይፈርሳል፤ ምክንያቱም አብዛኛውን ቋሚ ወጪ አንዱ ብቻውን መቁረጥ አይችልም።

## ደረጃ 1፦ ቋሚውን ከተለዋዋጩ ለዩ

ቋሚ ወጪ ማለት እናንተ ምንም ሳትወስኑ በሚቀጥለው ወርም የሚከፈል ነው። ጤፍ፣ ዘይት፣ ታክሲ ተለዋዋጭ ናቸው። ኪራይ፣ ትምህርት ቤት፣ የተማሪ ሰርቪስ፣ የቤት ሠራተኛ ደመወዝ፣ ኢንተርኔት፣ የዲሽ ክፍያ፣ ብድር፣ እድር፣ ለወላጅ የሚላክ ቋሚ ናቸው።

በዓመት አንዴ የሚመጣውን አትርሱ። የመስከረም መመዝገቢያና ዩኒፎርም፣ የበዓል ወጪ፣ ሁሉም ለ12 ተካፍሎ በየወሩ ይጻፍ። ይህን ያልጻፈ ሰው እስከ ነሐሴ ሲቆጥብ ከርሞ መስከረም ላይ ባዶ ይሆናል፤ ከዚያም “ቁጠባ አይሆንልኝም” ብሎ ይተወዋል። ያጠፋው ግን ወጪውን አሳንሶ መጻፉ ነው።

የምሳሌው ቤተሰብ ይህ ነው። ባል 32,000፣ ሚስት 18,000 ብር ያልተጣራ ደመወዝ አላቸው። ከሐምሌ 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሠራው የደመወዝ ግብር ከ14,000 ብር በላይ የሆነ ደመወዝ በ35 በመቶ ተባዝቶ 2,050 ይቀነሳል። በዚያ ላይ ከዋና ደመወዝ 7 በመቶ ጡረታ ይቆረጣል። ስለዚህ፦

- ባል፦ ግብር 9,150፣ ጡረታ 2,240፣ እጁ የሚገባው 20,610
- ሚስት፦ ግብር 4,250፣ ጡረታ 1,260፣ እጇ የሚገባው 12,490
- ድምር፦ 33,100 ብር

ቋሚ ወጪያቸው፦ ኪራይ 11,000፣ ትምህርት ቤት 2,800፣ ሰርቪስ 1,500፣ የቤት ሠራተኛ 3,000፣ ኢንተርኔት 1,000፣ ዲሽ 700፣ በብድር የተገዛ ዕቃ 2,000፣ እድር 150፣ ለወላጅ 1,500፣ መብራትና ውኃ 350። ድምሩ 24,000 ብር ነው። ምግብ፣ ትራንስፖርትና ልዩ ልዩ 8,100 ይወስዳሉ። የሚተርፈው 1,000 ብር ነው።

ከእጃቸው ከሚገባው 100 ብር ውስጥ 72ቱ ወሩ ሳይጀምር ተወስኖበታል ማለት ነው። ለምን ታክሲና ማኪያቶ ላይ የሚደረግ ትግል ውጤት እንደሌለው ከዚህ ይታያል።

ስሌቱ ካልገጠመ፦ የጻፋችሁት ወጪና ገቢ ሲቀናነስ 4,000 ብር መትረፍ አለበት ቢልም ባንክ ውስጥ የለም እንበል። ምናልባት በጥሬ ገንዘብ የወጣውን አልጻፋችሁም። ለአንድ ወር ከኤቲኤም ያወጣችሁትን እያንዳንዱን ገንዘብ ወጪው ላይ ጻፉ፤ ሳታስተካክሉ ወደ ደረጃ 2 አትለፉ።

## ደረጃ 2፦ አንድ ብር ስንት እንደሚመዝን አስሉ

ከወጪ የተቆረጠ አንድ ብር ሙሉ አንድ ብር ነው። በደመወዝ ጭማሪ የመጣ አንድ ብር ግን እዚህ ቤት ሲደርስ 58 ሳንቲም ሆኗል፤ 35ቱ ለግብር፣ 7ቱ ለጡረታ ሄዷል። የጡረታው ገንዘብ ባይጠፋም ዛሬ የምትቆጥቡት አይደለም።

የራሳችሁን ለማስላት የመጨረሻው እርከናችሁን ተመልከቱ። ከ7,001 እስከ 10,000 ብር 25 በመቶ፣ ከ10,001 እስከ 14,000 ብር 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ 35 በመቶ ነው። በእሱ ላይ 7 ደምሩና ከ100 ቀንሱ። የቀረውን ለ100 አካፍሉት፤ ከዚያ የምትፈልጉትን የወር ቁጠባ ለዚያ ውጤት አካፍሉ፦

```
የሚያስፈልግ ጭማሪ = የተፈለገ ቁጠባ ÷ 0.58
4,600 ÷ 0.58 = 7,931
```

ይህ ቤተሰብ በወር 4,600 ብር መቁረጥ ቢችል ባልየው 7,931 ብር ያልተጣራ ጭማሪ እንዳገኘ ይቆጠራል። ይህም የደመወዙ 25 በመቶ ገደማ ነው። እንዲህ ያለ ጭማሪ በአንድ ጊዜ የሚሰጥ መሥሪያ ቤት ብዙ አይደለም።

ሁለተኛው ክብደት ከዚህ ይበልጣል። ወጪ ሲቀንስ ቁጠባው ይጨምራል፣ መድረሻውም ይቀርባል። ገቢ ሲጨምር መድረሻው ባለበት ነው። ለመጀመሪያው መድረሻ፣ ማለትም ለ6 ወር መጠባበቂያ፣ እንየው፦

- ወጪውን በ4,600 የቀነሰው፦ የወር ወጪ 27,500፣ መጠባበቂያ 165,000፣ በወር 5,600 ሲቆጥብ 30 ወር ገደማ
- ገቢውን ብቻ በዚያው መጠን ያሳደገው፦ የወር ወጪ 32,100፣ መጠባበቂያ 192,600፣ በወር 5,600 ሲቆጥብ 34 ወር ተኩል ገደማ

የሚቆጥቡት እኩል ነው፤ የሚደርሱበት ጊዜ ግን ይለያያል። ለሙሉ ነፃነት ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ግምት የዓመት ወጪ 25 እጥፍ፣ ማለትም የወር ወጪ 300 እጥፍ ነው። በዚህ መለኪያ በየወሩ የምትከፍሉት እያንዳንዱ ብር ለዘለቄታው 300 ብር ሀብት ይጠይቃችኋል። የዲሹ 700 ብር ብቻ 210,000 ብር ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ይህ የ25 እጥፍ ግምት ከአሜሪካ የአክሲዮንና የቦንድ ገበያ የተወሰደ ነው፤ ሀብቱ ከዋጋ ንረት በላይ እንደሚያፈራ ያስባል። እዚህ አገር ሁለቱን መንገዶች ለማወዳደሪያ ተጠቀሙበት እንጂ “ይህን ያህል ካለኝ ሥራ እለቃለሁ” ለማለት አትመኑበት።

## ደረጃ 3፦ የማይቆረጠውን መጀመሪያ ምልክት አድርጉ

መቀስ ከመያዛችሁ በፊት ገቢ ያዘለውን ወጪ ለዩ። በየወጪው ላይ “ይህ ቢቀር ማን ሥራ ይቀራል?” ብላችሁ ጠይቁ።

የቤት ሠራተኛዋ 3,000 ብር የመጀመሪያዋ ፈተና ናት። ብዙ ቤት ወጪ ለመቀነስ ሲነሳ ዓይኑ እዚያ ያርፋል። እሷ ከሌለች ግን ልጁን የሚቀበል የለም፤ እናቲቱ ከሥራ ትቀራለች፤ 3,000 ለማዳን 12,490 ይጠፋል። ይህ ወጪ አይነካም። ደመወዟ ላይ መከራከርም ትርፍ የለውም፤ ሠራተኛ በየሦስት ወሩ ሲለዋወጥ ለደላላ የሚከፈለውና ከሥራ የሚቀርበት ቀን ልዩነቱን ይበላዋል።

ኢንተርኔቱ ማታ ማታ ለሚሠራ ሥራ የሚያገለግል ከሆነ እሱም አይነካ። እድርም እንዲሁ። 150 ብር ቆርጦ ሐዘን በደረሰ ቀን ድንኳን፣ ዕቃና ሰው በገንዘብ መግዛት ኪሳራ ነው፤ በማኅበራዊ ኑሮ ላይ የሚያመጣው ጉዳት ሳይቆጠር።

ለወላጅ የሚላከውን አትቁረጡ፣ ግን ገደብ አብጁለት። ችግር የሚሆነው 1,500ው ሳይሆን በየመሐሉ የሚጠየቀው ተጨማሪ ነው። መጠኑን ለወላጆቻችሁ በግልጽ ንገሯቸው፣ ለሕመምና ለድንገተኛ የሚሆን ለብቻው ትንሽ አስቀምጡ።

እቁብ ወጪ አይደለም። ቁጠባ የሚሆነው ግን ዕጣው ሲደርስ ወደ ሂሳብ ከገባ ብቻ ነው፤ ሶፋ ከተገዛበት የዘገየ ወጪ ነው። መጀመሪያ አካባቢ የወጣለት ያለ ወለድ የተበደረ ያህል ነው። መጨረሻ ላይ የሚደርሰው ደግሞ በዋጋ ንረቱ ምክንያት የገዛ ገንዘቡን በቀነሰ አቅም ይቀበላል።

## ደረጃ 4፦ በዚህ ቅደም ተከተል ቁረጡ

ቅደም ተከተሉ በመጠን አይደለም። ለመቁረጥ ትንሽ ጥሬ ገንዘብ የሚጠይቀው ይቀድማል፤ ያ ያጠራቀመው ለትልቁ ቅነሳ ስንቅ ይሆናል። ይህን ገልብጠው ከቤት መቀየር የሚጀምሩ ሰዎች ለቅድሚያ ክፍያው ተበድረው ያዳኑትን በብድር ይመልሱታል።

4.1 በስልክ የሚቆረጠው። ዲሹን በዚህ ሳምንት አቋርጡ። “እቀንሰዋለሁ” አትበሉ፤ ዝቅተኛው ጥቅል በሁለተኛው ወር ወደ ላይኛው ይመለሳል። ቤተሰቡ ካልቻለ ለአንድ ወር ሞክሩና በወሩ መጨረሻ ምን እንደጎደለ ጠይቁ። ከዚህ ወር ጀምሮ የሚተርፈው 1,700 ብር ነው።

4.2 ብድሩ እስኪያልቅ ጠብቁ፣ ሌላ አትተኩበት። የምሳሌው ቤተሰብ 5 ወር ቀርቶታል። በእነዚያ ወራት 5 ጊዜ 1,700፣ ማለትም 8,500 ብር ያጠራቅማል። አደገኛው ወር ስድስተኛው ነው፤ 2,000 ብሩ ነፃ ሲወጣ “አሁንማ ፍሪጁን መቀየር እንችላለን” ይባላል። መፍትሔው ብድሩ ከማለቁ አንድ ወር በፊት ባንክ ሄዶ ደመወዝ በሚገባበት ማግስት 2,000 ብር ወደ ቁጠባ ሂሳብ በራሱ የሚያስተላልፍ ቋሚ የክፍያ ትዕዛዝ መስጠት ነው። ብሩ የሚሄድበት ቦታ ብቻ ይቀየራል፤ ቤቱ ለውጡን አይሰማውም።

ብድሩ ቀድሞ ለመዝጋት ቅጣት ከሌለውና ወለዱ ከፍ ያለ ከሆነ ደግሞ በተጠራቀመው ቀድሞ መዝጋት ይሻላል። ስምምነቱን ሳታነቡ ግን አትክፈሉ።

4.3 ኪራይ። ትልቁ እዚህ ነው፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ። የምሳሌው ቤተሰብ 8,500 ብር የሚከራይ ቤት አገኘ። የኪራይ ልዩነቱ 2,500 ነው። ነገር ግን ወደ ሥራ የሚወስደው ታክሲ በወር 600 ብር ይጨምራል፤ እውነተኛው ቁጠባ 1,900 ነው። ይህን ለማወቅ ውል ከመፈረማችሁ በፊት በሥራ ቀን ጠዋት ከአዲሱ ቤት ሰፈር ተነስታችሁ ሥራ ቦታ ድረስ አንድ ጊዜ ተጓዙ፤ ስንት ታክሲ እንደያዛችሁ፣ ሰልፉን፣ የደረሳችሁበትን ሰዓት ጻፉ። እሑድ ከሰዓት ቤት አይቶ የሚወስን ሰው የሚያየው መንገድ ሰኞ ጠዋት የሚጠብቀው አይደለም። ውኃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ ከደላላው ሳይሆን ከጎረቤት ጠይቁ፤ በየሳምንቱ ውኃ የሚገዛ ቤት ርካሽ አይደለም።

የመዘዋወሪያ ወጪውን አስሉ። የጭነት መኪና፣ ጫኝና አውራጅ፣ የደላላ ኮሚሽን፣ መጋረጃና ጥቃቅን ጥገና በድምሩ 9,500 ብር ቢሆን ለ1,900 ሲካፈል በ5 ወር ይመለሳል። ከ6 ወር በላይ የሚፈጅ ከሆነ ሌላ ቤት ፈልጉ ነው ምክራችን።

ከዚያ የቅድሚያ ክፍያው አለ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 አከራዩ ከሁለት ወር ኪራይ በላይ በቅድሚያ እንዳይጠይቅ ይከለክላል፤ ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስም ያዛል። ስለዚህ 17,000 ለቅድሚያ፣ 9,500 ለመዘዋወሪያ፣ በጠቅላላው 26,500 ብር በእጅ መኖር አለበት። ቤተሰባችን በ5ኛው ወር መጨረሻ 8,500 አለው። ብድሩ ካለቀ በኋላ በወር 3,700 ሲያስቀምጥ በ10ኛው ወር መጨረሻ 27,000 ይደርሳል። በ11ኛው ወር ሳይበደር ይገባል። የተከፈለው የሁለት ወር ኪራይ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ስለማይከፈል ያ ገንዘብ ወደ ቁጠባ ይመለሳል፤ “ትርፍ” መስሎ እንዳይበላ ለዚህም ቋሚ ትዕዛዝ ስጡ።

ቢበላሽ፦ ከመውጣታችሁ በፊት ያለውን ውል የማስጠንቀቂያ አንቀጽ አንብቡ። ማስጠንቀቂያ ሳይሰጡ ወጥተው የሁለት ቤት ኪራይ በአንድ ወር የከፈሉ ብዙ ናቸው። አከራዩ ውል ለማስመዝገብ እንቢ ካለ ቤቱን ተዉት፤ ያልተመዘገበ ውል ይዛችሁ በስድስተኛው ወር “ጨምር ወይም ልቀቅ” ብትባሉ የምታሳዩት ወረቀት አይኖራችሁም፣ ያወጣችሁት 9,500ም አልተመለሰም። ልጁን ትምህርት ቤት የሚያስቀይር ከሆነ ደግሞ ዝውውሩን ለክረምት አቆዩት፤ በዓመቱ አጋማሽ መቀየር ድጋሚ መመዝገቢያ ያስከፍላል።

በዚህ ሁሉ መጨረሻ ከዲሽ 700፣ ከብድር 2,000፣ ከኪራይ 1,900፣ በድምሩ 4,600 ብር ተገኘ። ቁጠባው ከ1,000 ወደ 5,600 ወጣ።

## ደረጃ 5፦ መቁረጥ የምታቆሙበትን ነጥብ ወስኑ

ወጪ ወለል አለው። 5,600 ብር በወር የሚቆጥበው ቤተሰብ መድረሻው 8,250,000 ብር ነው (27,500 ጊዜ 300)። ገንዘቡ ከዋጋ ንረት በላይ ምንም ካላፈራ ከ120 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። ከንረት በላይ በዓመት 4 በመቶ ቢያፈራ እንኳን 45 ዓመት። ስለዚህ ወጪ በመቁረጥ ብቻ ነፃነት ይገኛል የሚል ሰው በዚህ የደመወዝ መጠን ላይ ያለውን ቤተሰብ ቁጥር አልሠራም።

የማቆሚያ ምልክቶቹ ሁለት ናቸው። የሚቀጥለው ቅነሳ ከተጣራ ገቢያችሁ ከመቶ አንድ ያነሰ፣ እዚህ ቤት ከ331 ብር በታች፣ የሚያመጣ ከሆነ። ወይም የሚቀጥለው ሊቆረጥ የሚችለው ደረጃ 3 ላይ ምልክት ካደረጋችሁበት አንዱ ከሆነ። ከሁለቱ አንዱ ሲመጣ መቀሱን አስቀምጡ። በዚህ ነጥብ ላይ ሆኖ የምግብ ወጪ ላይ የሚጨቃጨቅ ቤት ጉልበቱን የሚያባክነው ገቢ ማሳደግ በሚችልበት ሰዓት ነው።

## ደረጃ 6፦ ወደ ገቢ ዙሩ፣ በሰዓት ዋጋ መዝኑ

እያንዳንዱን የገቢ ሐሳብ ወደ “በሰዓት እጄ የሚገባው” ለውጡት። መነሻ የሚሆነው ትርፍ ሰዓት ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት የሚሠራ ትርፍ ሰዓት በመደበኛው አንድ ተኩል እጥፍ፣ የሌሊቱ 1.75፣ የሳምንት ዕረፍት ቀን 2 እጥፍ፣ የሕዝብ በዓል 2.5 እጥፍ ይከፈላል። በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት መብለጥ አይችልም። አዋጁ የሥራ መሪዎችንና የመንግሥት ሠራተኞችን አይመለከትም።

32,000 ብር ለ208 የወር ሰዓት ሲካፈል 154 ብር ገደማ ነው፤ በአንድ ተኩል 231። ጡረታ የሚቆረጠው ከዋና ደመወዝ ስለሆነ ከትርፍ ሰዓት ላይ የሚሄደው 35 በመቶ ግብር ብቻ ነው፤ እጅ የሚገባው 150 ብር። ስለዚህ 4,600 ብሩን በትርፍ ሰዓት ለማምጣት በየወሩ 31 ሰዓት ገደማ መሥራት ይጠይቃል፤ በዚህ ወር፣ በሚቀጥለውም፣ ሳያቋርጡ። ቤት መቀየሩ ግን አንድ ጊዜ ተሠርቶ አልቋል።

አሁን ማንኛውም የጎን ሥራ ከ150 ብር በሰዓት መብለጥ አለበት። ስታሰሉ የምትጓዙበትን ሰዓት ደምሩ፤ ዳታ፣ ታክሲና ግብር ቀንሱ። ለደመወዝተኛ የሚያዋጣው አብዛኛውን ጊዜ ሙያውን ማታ መሸጥ ነው። ሒሳብ ሠራተኛ የሆነችው ሚስት የትንንሽ ሱቆችን ወርኃዊ ሒሳብ ብትይዝ አዲስ ዕቃና አዲስ ትምህርት አያስፈልጋትም። ከደመወዝ ቁጠባ አውጥቶ ሚኒ ማርኬት መክፈት ሌላ ጉዳይ ነው፤ እዚያ ኪራይና ሠራተኛ አለ፣ ማለትም አዲስ ቋሚ ወጪ። መጠባበቂያው ሳይሞላ አትግቡበት።

ዋናውን ደመወዝ ለማስጨመር ስትደራደሩ ደግሞ ሁሉም ብር እኩል እንዳልሆነ አስቡ። በመመሪያ በተፈቀደው ገደብ ውስጥ ያለ የትራንስፖርት አበል ግብር አይነካውም፤ 1,000 ብር አበል ከ1,000 ብር ዋና ደመወዝ ይልቅ ዛሬ እጃችሁን ይሞላል። ገደቡን ከሰው ኃይል ክፍሉ ጠይቁ። ሥራ መቀየር ከውስጥ ጭማሪ የተሻለ የሚያመጣበት ጊዜ ብዙ ነው፤ የአዲሱን ቦታ የመጓጓዣ ልዩነት ግን እንደ ኪራዩ ቀንሱለት።

ቢበላሽ፦ የጎን ሥራው በሦስት ወር ውስጥ ከትርፍ ሰዓቱ ዋጋ በላይ ካልከፈለ አቁሙት። ዋናውን ሥራ ማርፈድ ወይም ስህተት ማብዛት ካስጀመራችሁም ቀንሱት፤ የ20,610 ብር ገቢን በ5,000 ብር ሥራ አደጋ ላይ መጣል ነው። ቋሚ ደንበኛ ሲበዛ የንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ጉዳይ ይመጣል፤ ቀድማችሁ ተመዝገቡ።

ቤተሰባችን ከሁሉም ወጪ በኋላ 10,000 ብር ተጨማሪ አመጣ እንበል። ወጪው 27,500 ላይ ከቆየ ቁጠባው 15,600 ይሆናል። ከንረት በላይ 4 በመቶ የሚያፈራ ከሆነ የ45 ዓመቱ መንገድ ወደ 26 ያጥራል።

## ደረጃ 7፦ ጭማሪው ሳይበላ ያዙት

ጭማሪን ሙሉ በሙሉ እንቆጥባለን የሚል ዕቅድ በኛ አገር አይዘልቅም፤ ጤፉና ዘይቱ ዋጋቸውን ይጨምራሉና። እንዲህ አድርጉ። የአምናውን የወር አስቤዛ ከዘንድሮው ጋር በተመሳሳይ ዕቃና መጠን አወዳድሩ። ልዩነቱ 900 ብር ቢሆንና ያልተጣራው ጭማሪ 5,000 ቢሆን፣ እጅ የሚገባው 2,900 ነው። 900ውን ለአስቤዛ ስጡ፤ 2,000ውን በዚያው ወር በቋሚ ትዕዛዝ ወደ ቁጠባ ላኩ።

ከመጀመሪያው ወር ማለፍ የለበትም። ጭማሪ በሁለተኛው ወር አዲስ ቋሚ ወጪ ያገኛል፤ የተሻለ ትምህርት ቤት፣ ተለቅ ያለ ቤት፣ የመኪና ብድር። 2,000 ብር አዲስ ቋሚ ወጪ ከፈረማችሁ መድረሻችሁ በ600,000 ብር ራቀ።

## ደረጃ 8፦ የተቆጠበውን ከንረት አስወጡ

ባንኮች ለቁጠባ የሚከፍሉት ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ ሲሆን የዋጋ ንረቱ በ2014 ዓ.ም. ከ30 በመቶ በላይ ደርሶ ነበር። ስለዚህ ቁጠባ ሂሳብ ውስጥ የሚቀመጠው የ6 ወሩ መጠባበቂያ፣ 165,000 ብር፣ ብቻ ይሁን። እሱ እስኪሞላ ሌላ ቦታ አታስገቡ።

ከዚያ በላይ ያለው ሲመጣ ለዚህ ቤተሰብ የምናስቀድመው የራስ ቤት ነው። ምክንያቱ የሁለቱ መንገዶች መገናኛ መሆኑ ነው፤ ሀብት ነው፣ ትልቁንም ቋሚ ወጪ ይሰርዛል። የ8,500 ኪራይ ሲቀር መድረሻው በ2,550,000 ብር ይቀንሳል፤ 8,250,000 የነበረው 5,700,000 ይሆናል። ኪራዩም በየዓመቱ ይጨምር እንደሆነ መጨነቅ ይቀራል። ቤቱ በባንክ ብድር ከተገዛ ግን የወር ክፍያው በኪራዩ ቦታ ይገባል፤ ብድሩ እስኪያልቅ 2,550,000ው ከመድረሻው አልተቀነሰም ብላችሁ አስሉ።

ያልተሠራ ቤት ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት የቦታውን ካርታ፣ የግንባታ ፈቃዱንና ግንባታው ዛሬ የደረሰበትን ራሳችሁ ሄዳችሁ እዩ። የባንክ አክሲዮን ስትገዙ ያለፉትን ሦስት ዓመታት የትርፍ ድርሻ ክፍያ ከዓመታዊ ሪፖርቱ አንብቡና ከዚያው ዓመት የዋጋ ንረት ጋር አስተያዩ፤ አክሲዮን በፈለጋችሁት ቀን ላይሸጥ ስለሚችል የመጠባበቂያው ገንዘብ እዚያ አይግባ።

በየስድስት ወሩ፣ ጥርና ሐምሌ ላይ፣ የደረጃ 1ን ዝርዝር አውጡና ሁለት ቁጥር ብቻ ተመልከቱ፦ ቋሚ ወጪ ከተጣራ ገቢ ስንት በመቶ እንደሆነ፣ ቁጠባው ስንት በመቶ እንደሆነ። ቤተሰባችን ከ72 ወደ 57፣ ከ3 ወደ 17 ነው የሄደው፤ የጎን ሥራው ሲጨመር ቁጠባው 36 ይደርሳል። የመጀመሪያው ቁጥር ተመልሶ ከወጣ ወደ ደረጃ 4፣ ሁለቱም ለአንድ ዓመት ከቆሙ ወደ ደረጃ 6 ተመለሱ።